«ሊያልቅ ነው» የማይባልበት ሰሌዳ

መጽሐፍ ወደ ማተሚያ ቤት ያስገባ ሰው ሁሉ ይህን የስልክ ንግግር ያውቀዋል። «ጋሼ፣ ሊያልቅ ነው፤ ትንሽ ነገር ብቻ ነው የቀረችው» ይባላል። በሳምንቱ ሲደወልም መልሱ ያው ነው። በሦስተኛው ሳምንት ደራሲው ይቆጣል፤ ስልክ የምታነሳው ልጅ ደግሞ የሰማችውን ከማስተላለፍ በቀር ምን ታድርግ? ኮምፒውተሯ ላይ ያለው ዝርዝር ከመጽሐፉ ስም ፊት ለፊት «በሂደት ላይ» ይላል። ማሽን ክፍል ስትጠይቅ «ገጹ ታትሟል» ይሏታል፤ እውነት ነው። ሽፋኑ ግን ገና ነው፤ ደራሲው ራሱ የቀለሙን ናሙና አይቶ አልመለሰም። ታጣፊው ማሽን ላይ ደግሞ የሌላ ደንበኛ ሥራ ተጭኗል። ይህን ሁሉ የሚይዝ ቃል ዝርዝሩ ውስጥ ስለሌለ አፏ የሚያመጣላት «ሊያልቅ ነው» የሚለውን ነው።

ብዙ አለቆች ይህን የሚያዩት እንደ ጠባይ ችግር ነው። ሠራተኛው ሰነፍ ነው፣ ይዋሻል፣ ኃላፊነት አይሰማውም ይላሉ፤ ከዚያም ስብሰባ ይጠራል። እኔ ግን ጥፋቱን የማየው ዝርዝሩ ላይ ነው። የሥራ ደረጃዎቹ የተሰየሙት ሰው በስሜቱ እንዲሞላቸው ተደርጎ ከሆነ፣ ሐቀኛውም ሰው በስሜቱ ይሞላቸዋል።

ነገሩ የማተሚያ ቤት ብቻ አይደለም። በደንብ የተጻፈበት የኮምፒውተር ፕሮግራም ሥራ ውስጥ ነው። ፍሬድሪክ ብሩክስ በ1960ዎቹ በአይቢኤም የሲስተም 360 ኮምፒውተሮችንና የኦፐሬቲንግ ሲስተማቸውን ሥራ የመራ ሰው ነው። ያኔ ያየውን በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ ሲያስረዳ፣ ፕሮግራም የመጻፉ ሥራ ከጠቅላላ ጊዜው ግማሽ ለሚሆነው «90 በመቶ አልቋል» ሲባል እንደሚቆይ፣ ስህተት ፈልጎ የማረሙ ሥራ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ «99 በመቶ» ላይ እንደሚገኝ ታዝቧል። መፍትሔ ብሎ ያቀረበው የሰዉን ጠባይ ማረቅ አልነበረም። የሥራው ምዕራፎች እንደ ቢላ ስለት የጠሩ ይሁኑ አለ። «ዕቅዱ ተጠናቋል» ሳይሆን «ዕቅዱን ያወጡትም የሚሠሩትም ፈርመውበታል»፤ «ፕሮግራሙ ተስተካክሏል» ሳይሆን «የተዘጋጀለትን ፈተና ሁሉ አልፏል»። ሰው ራሱን ማታለል የማይችልበት ምዕራፍ ላይ ሌላውን ለማታለል እምብዛም አይሞክርም የሚል እምነት ነበረው። ከዚህ ወዲህ የምጽፈው ሁሉ ይህን ሐሳብ ወደ ማተሚያ ቤት ወለል ማውረድ ነው ማለት ይቻላል።

እንግዲህ አንድ ሥራ እንውሰድ። መጽሐፉ 160 ገጽ፣ መጠኑ ኤ5፣ ብዛቱ 1,000 ቅጂ ይሁን። ውስጡ በጥቁር ቀለም ብቻ፣ ሽፋኑ ባለ ሙሉ ቀለም ነው። ወደ 50 በ70 ሴንቲ ሜትር በሚጠጋ ወረቀት ላይ በአንድ ፊት 8 የኤ5 ገጾች ይገባሉ፤ በሁለቱ ፊት 16። ወረቀቱ ሲታጠፍ ባለ 16 ገጽ እጥፋት ይሆናል። 160 ገጽ ማለት 10 እጥፋት ነው፤ እያንዳንዱ ሁለት ፊት ስላለው ለውስጡ 20 ፕሌት ይወጣል። ለሽፋኑ በአራት ቀለም 4 ፕሌት። ለ1,000 ቅጂ የሚበላሸውን ሳይጨምር 10,000 ወረቀት በማሽኑ ውስጥ ሁለት ጊዜ ያልፋል።

የቤቱ ዝርዝር አራት ደረጃዎች አሉት እንበል፦ «አዲስ»፣ «በሂደት ላይ»፣ «ወደ መጠናቀቅ የተቃረበ» እና «የተጠናቀቀ»። ይህን ዓይነት ዝርዝር ያላየ ቢሮ ሠራተኛ ያለ አይመስለኝም። አሁን 10,000ው ወረቀት ታትሞ መሬት ላይ ተከምሯል። የማሽን ክፍሉ ኃላፊ ክምሩን አይቶ «ይኼ እኮ አለቀ» ቢል አይፈረድበትም፤ ወረቀቱ ወጥቷል፣ ቀለሙ ወጥቷል፣ አብዛኛው ድካም አልፏል። ሥራውን «ወደ መጠናቀቅ የተቃረበ» ውስጥ ያስገባዋል። ደራሲው ግን የሚጠይቀው ስለ ድካም አይደለም፤ «መቼ እጄ ይገባል?» ነው። ለዚህ ጥያቄ ደግሞ ክምሩ መልስ የለውም። ቀለሙ መድረቅ አለበት። ከዚያ እጠፋ አለ፣ እጥፋቶቹን በቅደም ተከተል መደርደር አለ፣ ጥረዛ አለ፣ ቆረጣ አለ። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ የሰዓታት ጉዳይ ነው። ይሁንና በየማሽኑ ፊት ወረፋ አለ፤ መጽሐፉ ከታተመ በኋላ የሚያሳልፈው ጊዜ አብዛኛው የሥራ ሳይሆን የወረፋ ጊዜ ነው። የቀረው ሥራ ትንሽ ሆኖ የቀረው ጊዜ ብዙ ሊሆን የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። «ሊያልቅ ነው» የሚለው ቃል ደግሞ እነዚህን ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ለውጥ ደረጃዎቹን በሚሠራው ሥራ ስም ሳይሆን በተፈጸመው ነገር ስም መጥራት ነው። «ህትመት ላይ» ማለት ምን ማለት ነው? ፕሌቱ ማሽን ላይ ተገጥሟል? ግማሹ ታትሟል? ማሽኑ ተበላሽቶ ቆሟል? ሁሉም «ህትመት ላይ» ነው። «የውስጥ ገጾች ታትመው ተቆጥረዋል» ካልን ግን ሁለት መልስ ብቻ አለ፤ ወይ ተቆጥረዋል ወይ አልተቆጠሩም። የተቆጠረበት ወረቀት ይታያል፤ የቆጠረው ሰው ይታወቃል። አንድ ደረጃ በትክክል መሰየሙን የምፈትነው በቀላሉ ነው፤ ሥራውን የማያውቁ ሁለት ሰዎች ለየብቻ ወደ ወለሉ ወርደው ያዩትን ይንገሩኝ። ሁለቱም ካርዱን አንድ ቦታ ካስቀመጡት ስሙ ይሠራል። ከተለያዩ ወይም «እሱን ሠራተኛውን መጠየቅ አለብን» ካሉ ደረጃው የሰው ስሜት ነው።

ከዚህ ተነስቶ መጽሐፉ የሚያልፍባቸውን ደረጃዎች እንደገና መጻፍ ይቻላል። የደራሲው ፋይል ገብቶ ተመዝግቧል። የናሙና ህትመት ለደራሲው ተሰጥቷል። ናሙናው ተፈርሞ ተመልሷል። ፕሌት ወጥቷል። ገጾቹ ታትመው ተቆጥረዋል። ታጥፈው ተደርድረዋል። ተጠርዞ ተቆርጧል። ተፈትሾ ታሽጓል። ደራሲው ተረክቧል። ሁሉም ያለፈ ነገር ነው፤ አንዱም «እየ…» ብሎ አይጀምርም። ካርዱ አንድ ቦታ ላይ ተቀምጧል ማለት ያ ነገር ሆኗል፣ ቀጣዩ ግን ገና አልሆነም ማለት ነው። በመካከላቸው «ትንሽ የቀረው» የሚባል ቦታ የለም።

ይህን ዝርዝር ግድግዳ ላይ ለጥፎ ሥራ የጀመረ ሰው ግን በሳምንቱ አንድ ነገር ይገጥመዋል። ገጾቹ ታጥፈው ተደርድረዋል፤ ሽፋኑ ገና ፕሌት አልወጣለትም። ካርዱ የት ይቀመጥ? ሠራተኛው ያሰላስልና ገጾቹ ያሉበት ቦታ ያስቀምጠዋል፤ ከጎኑ በእስክሪብቶ «ሽፋን ብቻ ቀረ» ብሎ ይጽፋል። ተመልሰን እዚያው ነን። ጥፋቱ የደረጃዎቹ ስም አይደለም። አንድ ካርድ የሁለት ሥራ ተሸካሚ ሆኗል። ውስጡና ሽፋኑ የተለያየ ወረቀት፣ የተለያየ ቀለም፣ አንዳንዴም የተለያየ ማሽን ነው የሚጠቀሙት፤ ሽፋኑ ላሚኔሽን አለበት፤ ላሚኔሽኑ ደግሞ ከቤት ውጭ የሚሠራ ሊሆን ይችላል። በየራሳቸው መንገድ ነው የሚጓዙት። ስለዚህ ካርዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ለውስጡ፣ አንዱ ለሽፋኑ። የሚገናኙት ጥረዛ ላይ ነው፤ ሁለቱም ካርዶች ሳይደርሱ ጥረዛ ክፍሉ ሥራውን አይቀበልም። ከልምድ የማውቀውን ለመናገር፣ «ሊያልቅ ነው» ከሚባሉት ሥራዎች ብዙዎቹ ሲመረመሩ እንዲህ ዓይነት ሁለት የታሰረ ሥራ ናቸው፤ አንዱ ጨርሷል፣ ሌላው አልጀመረም፣ አማካያቸው «ሊያልቅ» ይመስላል።

ከደረጃዎቹ ሁሉ የበለጠ ትዕግሥት የሚጠይቀው ግን ናሙናው ላይ ያለው ነው። እዚህ ላይ ልቆይ፤ የገንዘብም የጠብም ምንጭ ይኸው ነውና። በተለመደው አሠራር ናሙናው ለደራሲው ይላካል። ደራሲው ከሦስት ቀን በኋላ ደውሎ «አይቸዋለሁ፣ በጣም ጥሩ ነው፣ ቀጥሉ፤ አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ገጽ 47 ላይ አለች» ይላል። ዲዛይነሩ «እሺ» ብሎ ያስተካክላል፤ ሥራው ወደ ፕሌት ይሄዳል። ፕሌት ሲወጣ ደራሲው በድጋሚ ይደውላል፤ ባለቤቱ መግቢያው ላይ ስሟ ተሳስቶ አይታዋለች። ናሙናው ጸድቋል ወይስ አልጸደቀም? ደራሲው «ጸድቋል፣ ትንሽ እርማት ብቻ ነው» ይላል። ማተሚያ ቤቱም የሚያስቀምጠው «የጸደቀ፣ ከትንሽ እርማት ጋር» በሚባል፣ በየትኛውም ዝርዝር ላይ ባልተጻፈ ሆኖም ሁሉም በሚጠቀምበት ደረጃ ላይ ነው።

መፍትሔው ማጽደቅን ቃል ሳይሆን ዕቃ ማድረግ ነው። የናሙናው ወረቀት እያንዳንዱ ገጽ ላይ ተፈርሞ፣ የፋይሉ ስምና ቀን ተጽፎበት፣ ማተሚያ ቤቱ መሳቢያ ውስጥ ሲገባ ብቻ ካርዱ ይንቀሳቀሳል። በስልክ «ቀጥሉ» መባል አያንቀሳቅሰውም። አንዲት ፊደል እንኳ ከተለወጠች ፊርማው የድሮው ፋይል ፊርማ ነው፤ ካርዱ ወደ «ናሙና ለደራሲው ተሰጥቷል» ይመለሳል። ይህ ለደራሲው ክፉ መሆን አይደለም። ገጽ 47 ሦስተኛው እጥፋት ውስጥ ነው፤ ከ33 እስከ 48 ያሉት ገጾች እዚያ ናቸው። ፕሌት ከወጣ በኋላ አንድ ቃል በሌላ ቢተካና የመስመሩ ርዝመት ባይነካ፣ የሚጣለው አንድ ፕሌት ብቻ ነው፤ 8 ገጽ የያዘው። እርማቱ ሁለት መስመር ጨምሮ ጽሑፉን ወደ ቀጣዩ ገጽ ከገፋው ግን ምዕራፉ እስኪያልቅ ድረስ ያሉት ገጾች ሁሉ ይንቀሳቀሳሉ፤ ሦስት ወይም አራት እጥፋት ሊነካ ይችላል። «ትንሽ እርማት» የሚባለው ነገር ትንሽነቱ በደራሲው ዐይን ነው። ካርዱ ወደ ኋላ ሲመለስ ይህ ጥያቄ ሳይወድ በግድ ይጠየቃል፤ ስንት ፕሌት ይነካል፣ ማን ይከፍላል?

ወደ ኋላ መመለስ ብዙ ቦታ እንደ ነውር ይታያል። ሰሌዳው ላይ ቀስቱ ሁሉ ወደ ፊት ብቻ ነው፤ የተመለሰ ሥራ መንገድ የለውም። መንገድ የሌለው ሥራ ደግሞ የነበረበት ቦታ ሆኖ ቅጽል ያወጣለታል፦ «በማስተካከያ ላይ»፣ «እንደገና በመታየት ላይ»፣ «ሊያልቅ የቀረው»። ንድፍ ሲነደፍ ከየትኛው ደረጃ ወደ የትኛው መመለስ እንደሚቻል አብሮ መጻፍ አለበት። በእኛ መጽሐፍ ከፍተሻ ወደ ጥረዛ፣ ከፕሌት ወደ ናሙና ይመለሳል። ከህትመት በኋላ የሚገኝ የጽሑፍ ስህተት ግን ወደ ናሙና አይመለስም፤ ወይ በእርማት ወረቀት ይታለፋል፣ ወይ እጥፋቱ እንደገና እንዲታተም አዲስ ሥራ ሆኖ አዲስ ካርድ ያገኛል።

መጠበቅም የራሱ ጣጣ አለው። ሥራ የቆመው ሰው ስለሰነፈ ሳይሆን አንድ ነገር ስለጠፋ ሊሆን ይችላል፤ ወረቀት አልገባም፣ መብራት ጠፍቷል፣ ደራሲው ቀሪውን ቅድመ ክፍያ አላስገባም። ብዙዎች ለዚህ «የቆመ» የሚባል ዓምድ ያወጣሉ። እኔ አልወደውም። ካርዱ ወደዚያ ሲሄድ የት እንደነበረ ይጠፋል፤ ዓምዱም ቀስ በቀስ ማንም የማያየው መጋዘን ይሆናል። ካርዱ ባለበት ደረጃ ላይ ቆይቶ ቀይ ወረቀት ቢለጠፍበት ይሻላል። ቀዩ ወረቀት ላይ የሚጻፈው ሦስት ነገር ነው፤ ማንን እንጠብቃለን፣ ምን እንጠብቃለን፣ ከየትኛው ቀን ጀምሮ። «ወረቀት የለም» አይበቃም። «ከአቅራቢው 80 ግራም ወረቀት፣ ከማክሰኞ ጀምሮ፣ የሚከታተለው የግዥ ሠራተኛው» ሲባል ግን በማግስቱ ማን ስልክ ማንሳት እንዳለበት ያለ ስብሰባ ይታወቃል። ስም የሌለበት ቀይ ወረቀት ከተለጠፈ ሥራው የቆመው በእኛው ነው ማለት ነው፤ ያ ደግሞ መጠበቅ ሳይሆን ወረፋ ነው።

አሁን ወደ መጨረሻው እንምጣ፤ «አልቋል» የሚለው ቃል ራሱ ወደሚያታልልበት። ጠራዡ ሲጨርስ አልቋል ይላል፤ አሻጊው ሲጨርስ አልቋል ይላል፤ ሒሳብ ክፍል ገንዘቡ ሳይገባ አላለቀም ይላል። ሁሉም ልክ ነው። የፕሮግራም ስህተቶችን ለመመዝገብ ከ1998 ጀምሮ በነጻ የተሠራጨው ቡግዚላ ይህን ችግር በጥሩ መንገድ ፈትቶታል። ፕሮግራም ጸሐፊው ስህተቱን አርሞ ሲጨርስ `RESOLVED` ይለዋል፤ ሌላ ሰው ሞክሮ ሲያረጋግጥ ደግሞ `VERIFIED` ይሆናል። ሠሪው የራሱን ሥራ አረጋጋጭ አይደለም። ከዚህም ሌላ ሥራው የተዘጋበት ምክንያት ከደረጃው ተለይቶ በራሱ ሳጥን ይጻፋል፤ `FIXED` ከሆነ ታርሟል፣ `DUPLICATE` ከሆነ ከሌላ ጋር አንድ ነው፣ `WONTFIX` ከሆነ እንደማይታረም ተወስኗል። የተዘጋ ነገር ሁሉ የተሠራ አይደለም፤ ይህ ልዩነት ካልተቀመጠለት «ተዘግቷል ግን…» የሚል አነጋገር ይፈጠራል።

በማተሚያ ቤታችን ማረጋገጫው ፍተሻ ነው። ጥሩ ማተሚያ ቤት እጥፋቶቹ ላይ፣ ጀርባ በሚሆነው መታጠፊያ በኩል፣ አጭር ጥቁር ምልክት ያትማል፤ የመጀመሪያው እጥፋት ላይ ከላይ፣ ሁለተኛው ላይ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ እንዲያ እያለ እስከ አሥረኛው። እጥፋቶቹ ተደርድረው ጀርባቸው ሲታይ ምልክቶቹ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ደረጃ ይሠራሉ። አንድ እጥፋት ከጎደለ ደረጃው ይዘላል፤ ሁለት ጊዜ ከገባ ሁለት ምልክት ጎን ለጎን ይቆማል፤ ከተገለበጠ ምልክቱ ከመስመሩ ይወጣል። ሙጫ ከመቀባቱ በፊት ይህን ማየት የአንድ ሰው የአፍታ ሥራ ነው። ሽፋን ከለበሰ በኋላ ግን ምልክቱ ይሸፈናል፤ የጎደለውን ገጽ የሚያገኘው አንባቢው ነው። ስለዚህ «ታጥፈው ተደርድረዋል» የሚለው ደረጃ «ጀርባቸው ታይቶ ደረጃው ያልተሰበረ ሆኖ ተገኝቷል» የሚለውን ይጨምራል፤ ያየውም ሰው ካርዱ ላይ ይፈርማል። የመግቢያው ሁኔታ የሚታይ ምልክት ሲሆን እንዲህ ነው። ሙጫ የተቀባው መጽሐፍ ደግሞ ከቆረጣ በኋላ ከየክምሩ ጥቂት ቅጂዎች ተከፍተው ገጽ ይሳባሉ፤ ገጽ በቀላሉ የሚላቀቅ ከሆነ ክምሩ ወደ ጥረዛ ይመለሳል።

ገንዘቡን በሚመለከት አጭር ነገር ልበል። ክፍያን ከሥራው ደረጃዎች ጋር በአንድ መስመር ማስቀመጥ «አልቋል፣ ግን አልተከፈለም» የሚል ሌላ የጭጋግ ደረጃ ይወልዳል። ለክፍያ የራሱ ትንሽ መስመር ይኑረው፤ ቅድመ ክፍያ ገብቷል፣ ቀሪው ገብቷል። ሁለቱ የሚገናኙት ርክክብ ላይ ነው፤ ቀሪው ሳይገባ መጽሐፉ ከመጋዘን አይወጣም የሚል ቤት ካለ ያንን በርክክቡ ደረጃ ላይ መጻፍ ነው።

አለቆች ይህን ሁሉ ሰምተው ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት «ታዲያ ስንት በመቶ ደርሷል?» ነው። በትልልቅ ፕሮጀክቶች አስተዳደር ለዚህ የቆየ ዘዴ አለ። አንድ ተግባር እስኪጠናቀቅ ዜሮ ነው፣ ሲጠናቀቅ መቶ ነው፤ በመካከል ምንም አይሰጠውም። ለስለስ ያለው ዓይነት ሲጀመር 50፣ ሲያልቅ ቀሪውን 50 ይሰጣል። ተግባሮቹ አጫጭር ከሆኑ የመጀመሪያው ይበቃል። ከአሥሩ እጥፋት ስድስቱ ታትመው ከተቆጠሩ ስድስት ነው የምንለው፤ ሰባተኛው ማሽን ላይ ግማሽ መንገድ ቢደርስም ስድስት ነው። ለሪፖርት አንጀት አያርስም፤ ዞሮ ዞሮ ግን ቁጥሩ ወደ ኋላ አይመለስም።

ንድፉ መበላሸቱን የሚናገሩ ምልክቶች አሉ። ካርዶች ላይ በእስክሪብቶ ጭማሪ ሲጻፍ ሰዎች ቃል አጥተዋል ማለት ነው፤ የሚጽፉትን ሰብስቦ ማንበብ የጎደለውን ደረጃ ይነግራል። አንድ ዓምድ ሁልጊዜ ወፍራም ከሆነ ወይ እዚያ ያለው ማሽን አይበቃም፣ ወይ ዓምዱ ውስጥ ሁለት የተለያየ ነገር ተጨምቋል። ሰሌዳው እያለ ሰዎች አሁንም ስልክ እየደወሉ «የት ደረሰ?» የሚባባሉ ከሆነ ሰሌዳው ጌጥ ሆኗል። በተቃራኒው ዓምድ ሲበዛም ይበላሻል። አሥራ አምስት ደረጃ ያለው ሰሌዳ ላይ ሠራተኛው ካርድ ማንቀሳቀስ ይሰለቸውና ዓርብ ማታ በአንድ ጊዜ አምስት ቦታ ያሻግራል። የመጽሐፉ ዘጠኝ ደረጃ ለመጽሐፍ ነው፤ 200 የስም ካርድ ለማሳተም የመጣ ደንበኛ ሦስት ይበቃዋል፦ ናሙና ተፈርሟል፣ ታትሞ ተቆርጧል፣ ተረክቧል። አንድን ደረጃ ለማቆየት የምጠይቀው፣ ሥራው እዚያ ሲደርስ ተረካቢው ሰው ይለወጣል ወይ ወይም የሚወሰን ነገር አለ ወይ የሚለውን ነው። ሁለቱም ከሌለ ዓምዱ ይውጣ።

እንዲህ ያለው ንድፍ የማይሠራበት ቦታም አለ። የቀረው ሥራ ምን እንደሆነ ማንም የማያውቅበት ሥራ፣ ለምሳሌ መጽሐፉን ራሱን መጻፍ፣ በደረጃ አይገደብም። «ረቂቁ አልቋል» ማለት ምንድን ነው? ደራሲው ነገ ሦስተኛውን ምዕራፍ ሊጥለው ይችላል። እዚያ ማድረግ የሚቻለው ትንንሽ የሚታዩ ነገሮችን መቁጠር ብቻ ነው፤ ምዕራፍ አንድን ሌላ ሰው አንብቦታል፣ ምዕራፍ ሁለትን አላነበበውም። ሌላው ችግር ሰው ነው። ጉርሻ በካርድ ቁጥር ከተሰጠ ካርዶች ይበራሉ፤ ያልተቆጠረው ተቆጥሯል ይባላል፤ ፊርማ በጅምላ ይፈረማል። ሰሌዳው ሥራው የት እንዳለ ለማወቅ ነው። ሰውን ለመቅጣት ሲውል ሰዎቹ ሰሌዳውን መዋሸት ይጀምራሉ፤ ያኔ የትኛውም የጠራ ስም አያድነውም።

የቀሩት ሥራዎች መቼም የማያልቁት ናቸው። ናሙናውን ወስዶ የጠፋ ደራሲ በየማተሚያ ቤቱ አለ። ካርዱ ለስድስት ወር «ናሙና ለደራሲው ተሰጥቷል» ላይ ተቀምጦ ቀዩ ወረቀት ደብዝዟል፤ ሁሉም ያየዋል፣ ማንም አይነካውም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ውሉ ላይ ገደብ መጻፍ ያስፈልጋል፤ ለምሳሌ ናሙናው በ60 ቀን ተፈርሞ ካልተመለሰ ሥራው እንደተሰረዘ ይቆጠራል፣ ቅድመ ክፍያው ለዲዛይን ሥራው ይታሰባል፣ ፋይሉ ይቀመጣል። ቀኑ ሲደርስ ደራሲው አንድ ጊዜ ይደወልለታል፤ ካልመለሰ ካርዱ ከሰሌዳው ወርዶ «ተሰርዟል» ከነምክንያቱ ተጽፎበት ሳጥን ውስጥ ይገባል። በዓመቱ ብቅ ብሎ «መጽሐፌስ?» ቢል በአዲስ ዋጋ አዲስ ካርድ ይከፈትለታል፤ የወረቀት ዋጋም እስከዚያ አንድ ቦታ አይቆምምና።